ለይዘት ፈጣሪ የምንጽፈው ብሪፍ፦ የሚረከበው ሥራ፣ አነጋገሩ እና «ተከፍሎኛል» የሚለው ቃል

ክቡራንና ክቡራት፣ የምርት ባለቤቶችና የገበያ ሥራ ባልደረቦቼ፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የፀጉር ቅባት አምራች በጻፍኩት ብሪፍ፣ ማለትም ለይዘት ፈጣሪ በሚሰጥ የሥራ መመሪያ ውስጥ «ማስታወቂያ እንዳይመስል፤ ለእህቷ እንደምትነግር አድርጋ ትናገር» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። ቪዲዮውን የሠራችው ወጣት እንደታዘዘችው አደረገች፤ ቅባቱን ራሷ ገዝታ የወደደችው በሚመስል አነጋገር አመሰገነችው። በማግስቱ አንዲት ተከታይዋ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ሳምንት ሌላ ልጅ ስትናገረው መስማቷን ጽፋ ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን አቀረበቻቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው አስተያየት ሁሉ «ስንት ተከፈለሽ?» የሚል ነበር። ልጅቷ ቪዲዮውን አነሳች፤ ለብዙ ጊዜም ከተከታዮቿ ጋር ስትታረቅ አየኋት። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለ ብሪፍ አጻጻፍ ልነግራችሁ የቆምኩትም ከዚያ ወረቀት ወዲህ ምን እንደለወጥኩ ለማሳየት ነው።

አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት፣ በቲክቶክ የምግብ አሠራር የምታሳይ አንዲት ባለሙያ ምጣዱን እንድታስተዋውቅለት ፈለገ። ባለቤቱ ይዘውልኝ የመጡት መልእክት አጭር ነበር፤ «ግማሽ በግማሽ መብራት ይቆጥባል ትበልልን» አሉኝ። ይህን እንደወረደ ወደ ብሪፍ ከማስገባቴ በፊት በምን እንዳወቁት ጠየቅኋቸው። መልሱ «ደንበኞች ይነግሩናል» የሚል ነበር።

ብሪፍ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይዘት ፈጣሪዋ ምጣዱን ለአንድ ሳምንት ቢሰጧት ስለ እንጀራው ዓይንና ስለ ክዳኑ አያያዝ በራሷ አፍ መመስከር ትችላለች፤ ስለ ኃይል ቁጠባ ግን የሚለካ ነገር እንጂ የሚሰማት ነገር ስለሌለ ማስረጃውን ማቅረብ ያለበት አምራቹ ነው። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ከአንድ ቡሖ፣ በአንድ ጋጋሪ እጅ፣ በነባሩ ምጣድና በአዲሱ እኩል ቁጥር እንጀራ አስጋገርን፤ ሁለቱም ከቀዝቃዛ እንዲነሱ አደረግን፤ የቆጣሪውን ንባብም በፊትና በኋላ ጻፍን። አንድ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ልዩነት ካለ ተራ ቆጣሪም ያሳየዋል። ልዩነት ነበረ፤ ግማሽ ግን አልነበረም። ባለቤቱ ትንሽ ቅር ቢላቸውም «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ተሰረዘና በቦታው «በድርጅቱ ግቢ ከነባሩ ምጣድ ጋር ጎን ለጎን ስንለካው ያነሰ ፈጅቷል» የሚል ገባ፤ ልኬቱ የተጻፈበት ገጽም ከብሪፉ ጋር ተያይዞ ለባለሙያዋ ተላከላት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከሕጉ በፊት የሚደርሰው ግን ገዢው ነው፤ በወሩ መጨረሻ የመብራት ካርድ ሲሞላ «ግማሹ የታለ?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያዋን ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ ብሪፉ ከአራት መስመር አልበለጠም፤ መብለጥም የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይህችን ሴት የመረጥናት በራሷ ለዛ ስለምትናገርና ሰዉም እርሱን ብሎ ስለሚከተላት ነው፤ እኛ ቃል በቃል ጽፈን ከሰጠናት የቀጠርነውን ነገር ራሳችን እናጠፋዋለን። እንዲነሱ የምንፈልጋቸውን ሦስት ነጥቦች ሰጠናት፤ እነርሱም የምጣዱ ስፋት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው አሠራርና የዋስትናው ጊዜ ነበሩ። ሁለት ክልከላም ጨመርን፤ የሌላ አምራች ምጣድ በስም እንዳታነሳ፣ ካልተለካ ነገር ጋር ቁጥር እንዳትጠራ። የቀረውን ለእርሷ ተውነው።

የመጀመሪያው ቅጂ ሲመጣ አንድ ክርክር ተነሳ። ባለሙያዋ ምጣዱን በጎመን ዘር አሽታ፣ በማሰሻ ጠርጋ፣ ማሟሻውን ስታወጣው ጠርዙ ተቀደደባት። እርሷም ካሜራውን ሳታጠፋ «አዲስ ምጣድ እስኪለምድ እንዲህ ነው» ብላ ሁለተኛውን አሰፋች፤ ሁለተኛውም ትንሽ ያዘ፤ ሦስተኛው ግን እንደ ልብ ተነሳ። ባለቤቱ የተቀደደውና የያዘው ተቆርጠው ይውጡ አሉ። እኔ ይቆዩ አልኩ። እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አዲስ ምጣድ በመጀመሪያው ቀን እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ ያ ክፍል ቢቆረጥ ምጣዱን ገዝታ ቤቷ የወሰደች ሴት ማሟሻው ሲቀደድባት የተታለለች ይመስላታል እንጂ ምጣዱ እስኪለምድ አትታገስም። ደግሞም በብሪፉ ላይ «አምራቹ ማስተካከያ መጠየቅ የሚችለው የተሳሳተ መረጃ ሲኖር ወይም የክፍያው መግለጫ ሲጎድል ብቻ ነው፤ የባለሙያዋን አስተያየትና ያየችውን ነገር ማስቀየር አይችልም» ብለን ጽፈን ነበርና ክርክሩ በዚያው አበቃ።

የሚረከበውን ሥራ በጥድፊያ ላልፈው እችላለሁ፤ ሆኖም አብዛኛው ጠብ የሚነሳው «አንድ ቪዲዮ» ከሚል አጭር ቃል ነው። እኛ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦ ርዝመቱ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ የሆነ አንድ የቁም ቪዲዮ፤ ከሚለቀቅበት ቀን ሦስት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ለእይታ የሚቀርብ፤ አንድ ዙር ማስተካከያ ብቻ ያለው፤ ከተለቀቀ በኋላም ቢያንስ ለ90 ቀን በገጿ ላይ የሚቆይ። በመጀመሪያው ቀን የሚመጡ ጥያቄዎችን እርሷ ትመልሳለች፤ የማታውቀውን ወደ አምራቹ ስልክ ትመራለች፤ ነቀፋ ስለሆነ ብቻ የሚሰረዝ አስተያየት አይኖርም። አምራቹ ቪዲዮውን ወስዶ በራሱ ገጽ በክፍያ ሊያሰራጨው ከፈለገ ደግሞ ያ የተለየ ፈቃድና የተለየ ዋጋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ፊቷና ድምፅዋ ከዓመት በኋላም በማታውቀው ማስታወቂያ ላይ ሲዞር የምታገኘው ባለሙያ የምትቆጣው በትክክል ነው። ክፍያውን ግማሹን በውሉ ቀን፣ ግማሹን ቪዲዮው በተለቀቀ ቀን አደረግነው። በእይታ ብዛትም ሆነ በምስጋናው መጠን ላይ የሚንጠለጠል ክፍያ አላስገባንም።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምሰጠው ነጥብ ልምጣ። የክፍያው መግለጫ በብሪፉ ግርጌ «ሕጉን ታክብር» ተብሎ የሚታለፍ ማሳሰቢያ ሳይሆን፣ እንደ ቪዲዮው ርዝመት ሁሉ ቃሉ፣ ቦታውና ሰዓቱ ተለይቶ የሚጻፍ የሚረከብ ሥራ ነው።

በቃሉ ልጀምር። በአማርኛ ገጾች ላይ በብዛት የምናየው «ከእከሌ ጋር በመተባበር» የሚለው ነው። ትብብር ግን ጓደኛሞች አብረው ምሳ ሲሠሩም ትብብር ነው፤ ገንዘብ መከፈሉን አይናገርም። «አጋራችን» እና «እናመሰግናለን» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ሌላው ልማድ በአማርኛ ተናግሮ መግለጫውን በእንግሊዝኛ ምሕጻር በሃሽታግ ክምር መካከል መወርወር ነው፤ እናቴ ይህን አይታ ምን ትረዳለች ብዬ ስጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ለተጽዕኖ ፈጣሪዎች ባወጣው አጭር መመሪያ መግለጫው ምስክርነቱ በተሰጠበት ቋንቋ እንዲሆን፣ በሃሽታጎች መካከል እንዳይቀበር፣ በቪዲዮ ከሆነም በጽሑፍ መግለጫው ብቻ ሳይሆን በቪዲዮው ውስጥ እንዲኖር ይላል። ይህ መመሪያ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከውጭ አገር የተለጠፈ ነገርም ቢሆን አሜሪካ ያሉ ሸማቾችን እንደሚነካ አስቀድሞ መገመት ከተቻለ የዚያ አገር ሕግ ሊመለከተው እንደሚችል ያው መመሪያ ያስገነዝባል። ከዋሽንግተን አካባቢ የሚከተላት ሕዝብ ያላት ባለሙያ፣ ምጣዱም ወደዚያ የሚላክ ከሆነ፣ ይህን ማወቅ አለባት።

እኛ የመረጥነው ቃል «ይህ ማስታወቂያ ነው፤ ድርጅቱ ከፍሎኛል፣ ምጣዱንም በነጻ ሰጥቶኛል» የሚል ነው። ምጣዱ መጠቀሱን ልብ በሉ፤ በነጻ የተሰጠ ዕቃም እንደ ገንዘብ ፍርድን ያዘነብላልና ተመልካች ሊያውቀው ይገባል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ባለሙያዋ ቃሉን በመጀመሪያዎቹ አምስት ሴኮንዶች በአንደበቷ ትናገራለች፤ በዚያው ጊዜም «የተከፈለበት ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ በምስሉ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ያስፈለጉት ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ስላለ፣ ወጥ እያማሰለ ስልኩን ሳያይ የሚያዳምጥም ስላለ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ጽሑፉ ነጭ ሆኖ በምስሉ ግርጌ ተቀምጦ ነበር። በስልክ ስናየው ከታች የሚወጣው የገጿ ስምና መግለጫ ሸፍኖታል፤ የተረፉት ፊደላትም በነጩ የቡሖ ባልዲ ላይ ጠፍተዋል። ወደ ላይኛው ሲሶ ከፍ አድርገን፣ ጥቁር መደብ ሰጥተን፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ለማንበብ የሚበቃውን ያህል እንዲቆይ አደረግን። የምመክረው መፈተኛ ይኸው ነው፦ ቪዲዮውን በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን በተራ ስልክ፣ አንድ ጊዜ ድምፅ ዘግታችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስልኩን ገልብጣችሁ ሞክሩት። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ ማስታወቂያ መሆኑ ካልገባችሁ መግለጫው አልተሰጠም።

ቲክቶክና ኢንስታግራም የክፍያ ትብብር ምልክት የሚያወጣ የራሳቸው ማብሪያ አላቸው፤ ዩቲዩብም እንዲሁ። ብሪፉ እንዲበራ ያዛል፤ ነገር ግን ምልክቱ ትንሽ ስለሆነና ቪዲዮው ወርዶ በቴሌግራም ሲዞር አብሮ ስለማይሄድ የቃሏን ቦታ አይተካም። ባለሙያዋ በቀጥታ ስርጭት ስለ ምጣዱ ብትናገር ደግሞ መግለጫውን በየጊዜው ትደግመዋለች፤ ከአጋማሽ የገባው ሰው መጀመሪያ ላይ የተባለውን አልሰማምና።

ባለቤቱ «ተከፍሎኛል ስትል ሰው ይሸሻል» ብለው ሰግተው ነበር። ቪዲዮው በወጣ ቀን ከመጡት የመጀመሪያ አስተያየቶች አንዱ «ስለነገርሽን እናመሰግናለን፤ ማሟሻው ግን ስንተኛው ላይ ለቀቀልሽ?» የሚል ነበር። ባለሙያዋም «ሦስተኛው ላይ» ብላ መለሰች።