የአሸዋ ጎርፍና አንድ ደብዳቤ፦ መካሪ እንዴት ይጠየቃል?

[ምስል፦ ድሬዳዋ፤ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ። መንገዱ ስር ሁለት የኮንክሪት ቱቦዎች፣ አፋቸው ከፊል በአሸዋ ተሞልቷል።]

ተራኪ፦ ሁለት ዓመት የሠራ ሲቪል መሐንዲስ ድሬዳዋ ውስጥ የጎርፍ መውረጃ ሥራ ላይ ተመድቧል እንበል፤ ሥራው መንገድ ስር ውሃ የሚያሳልፍ ካልቨርት ነው። ሐረር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በመንገድና በድልድይ ሥራ ያሳለፉ ኢንጂነር ለረጅም ጊዜ እንዲመክሩት ይፈልጋል። የመጀመሪያ ረቂቁ ይኸው።

[በስክሪን፦ «ልምድዎን ሰምቼ እጅግ አደንቅዎታለሁ። በሙያዬ ትልቅ ደረጃ መድረስ ስለምፈልግ መካሪዬ ቢሆኑልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።»]

ተራኪ፦ ጨዋ ደብዳቤ ነው። ግን ኢንጂነሩ እሺ የሚሉት ለምኑ ነው? በየቀኑ ሊደወልላቸው ነው? ሥራ ሊያፈላልጉ ነው? ወይስ ዲዛይን ላይ ሊፈርሙ? የመጨረሻው በተለይ ያስፈራል፤ የፈረመ መሐንዲስ በፈረመው ይጠየቃል። ስለዚህ «እስቲ እንገናኛለን» ይላሉ። ይህ መልስ ደግሞ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን ከሥራው የሚነሳውን እንይ።

[በስክሪን፦ «ከደንገጎ በኩል የሚወርድ ጎርፍ የሚያልፍበት ካልቨርት ላይ እየሠራሁ ነው። ስሌቴ በሰከንድ 3.3 ሜትር ኩብ ውሃ ይመጣል ይላል። ባለ 90 ሴንቲሜትር ሁለት ቱቦዎች፣ በ1 በመቶ ተዳፋት፣ 3.6 ያህል ያሳልፋሉ። ሆኖም ከየዝናቡ በኋላ ሩብ ያህላቸው በአሸዋ ተሞልቶ አገኛለሁ። ቱቦውን ማስፋት የሚፈታው አይመስለኝም።»]

ተራኪ፦ አንጋፋ መሐንዲስ ይህን አንብቦ ዝም ማለት ይከብደዋል። ቁጥሩ ለንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትንሽ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ለሁለቱ ቱቦዎች ይከፈላል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የተሸከመውን አሸዋ እዚያው ይጥላል። ቱቦውን ማስፋት ደግሞ ትንሹን ጎርፍ ይበልጥ ያዘገየዋል። ወጣቱ እስከ መልሱ ደጃፍ ደርሶ ቆሟል፤ ተቀባዩም ምን እንደሚያውቅና የት እንደጎደለው በአምስት መስመር ያያሉ። ስለ ዲግሪና ስለ ውጤት መጻፍ ይህን አያሳይም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የመሥሪያ ቤቱን ንድፍ ያለ ፈቃድ ማያያዝ አይገባም። በእጅ የተሳለ ቀላል ሥዕልና ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይበቃሉ።

ቀጥሎ ጥያቄው።

[በስክሪን፦ «በወር አንድ ጊዜ፣ ከ45 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ለስድስት ወር ቢያገኙኝ። ከየቀጠሮው ሦስት ቀን በፊት ጥያቄዬን በአንድ ገጽ እልካለሁ። ወደ ሐረር የምመጣው እኔ ነኝ። ፊርማም ሆነ ሥራ ማፈላለግ አልጠይቅዎትም። ከስድስት ወር በኋላ መቀጠሉን እርስዎ ይወስናሉ።»]

ተራኪ፦ ፍላጎቱ የዓመታት ሆኖ ሳለ ስድስት ወር ለምን? ማለቂያ የሌለው ጥያቄ እምቢ ለማለትም ሆነ ለመተው ያስቸግራል። ቀን የተቆረጠለት ግን ሲያበቃ ማንም ሳይቀየም ያበቃል፤ ከጣመም ይታደሳል። ብዙ የቆዩ ምክክሮች የሚረዝሙት እንዲህ እየታደሱ ነው።

ደብዳቤው ለቅርብ አለቃ ባይጻፍ ይሻላል። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ለሚሞላ ሰው «ይህ አልገባኝም» ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም።

የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም ይባላል። ፊት ለፊት ሲገናኙ «ጋሼ» ብሎ መጫወት ይቻል ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» ይሁን። መሃል ላይ ወደ «አንተ» ያመለጠች አንዲት ግሥ ዓይን ውስጥ ትገባለች።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ]

ተራኪ፦ ነሐሴ ላይ አትላኩ፤ ጎርፍ የሚያሳድደው ሰው ደብዳቤ አያነብም። ዓርብ እኩለ ቀንን ለጁምዓ ተዉ። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 አካባቢ ደግሞ የቁልቢ መንገደኛ ስለሚበዛ መንገድ የሚያስኬድ ቀጠሮ አታጥብቁ። ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ካለ አስቀድሞ ስማችሁን ያንሳ፤ ከዚያ በቴሌግራም ሦስት መስመር ሰላምታና አንድ ገጽ ፒዲኤፍ። ሁለት ሳምንት ጠብቆ አንድ ጊዜ መደወል ይበቃል።

አንዳንዴ መልሱ «ለአንድ ቀን ና» ብቻ ይሆናል። ይሂድ። ወሳኙ ከዚያ በኋላ የሚላከው ግማሽ ገጽ ነው። ኢንጂነሩ «ቦክስ ካልቨርት አድርገው» ብለው፣ ማለትም በክብ ቱቦ ፈንታ ባለ አራት ማዕዘን የኮንክሪት መተላለፊያ መክረው፣ በጀቱ ካልፈቀደ፣ ወጣቱ በሳምንት ውስጥ ይህንኑ ይጽፋል፦ «ቦክሱ አልተፈቀደም። ስለዚህ አንዱን ቱቦ ከሌላው ዝቅ አድርጌ ትንሹ ጎርፍ በእሱ ብቻ እንዲያልፍ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ስንት ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት እንዳለበት ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»