ትልቅ ፎቶ በ4 ጊጋ ካርድ፦ ቆራርጦ መስራት፣ ስፌቱ ሳይታይ

[ስክሪን ላይ፦ ስካን የተደረገ የድሮ የሰርግ ፎቶ፣ 6000 በ4000 ፒክስል]

ይሄን ፎቶ አራት እጥፍ ላሳድገው ብዬ Real-ESRGAN የሚባል ፎቶ የሚያሳድግ ኒውራል ኔትወርክ ላይ ከተትኩትና ወዲያው `CUDA out of memory` አለኝ። የላፕቶፔ ግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ 4 ጊጋ ነው። ግን ፎቶው እኮ ሳይጨመቅ እንኳን 72 ሜጋባይት ነው፣ ታዲያ 4 ጊጋው የት ገባ?

እስቲ እናስላው። 24 ሚሊዮን ፒክስል አለን። ኔትወርኩ ውስጥ ሲገባ የእያንዳንዱ ፒክስል 3 ቁጥር (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) 64 ቁጥር ይሆናል፣ አንዱ ቁጥር 2 ባይት ነው፣ ስለዚህ አንድ ሌየር ብቻውን 3 ጊጋ ገደማ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምስሉ በወርዱም በቁመቱም 4 እጥፍ ስለሚሰፋ ያ 3 ጊጋ በ16 ይባዛል፣ 49 ጊጋ! እንደኔ ላፕቶፕ ላለው ሰው ይሄ በቃ አይታሰብም።

ስለዚህ ፎቶውን እንደ ወለል ሴራሚክ 256 በ256 እየቆረጥን አንድ በአንድ እንሰራለን፣ 384 ታይል ይወጣዋል። አሁን ያ 49 ጊጋ የነበረው ሌየር ወደ 134 ሜጋባይት ወረደ።

[ስክሪን ላይ፦ የተገጣጠመው ፎቶ፣ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ የካሬ መስመር ይታያል]

ግን ግድግዳውን እዩት። ፀጉር ላይ፣ ጥልፍ ላይ ስፌቱ አይታይም፣ ዝርዝር ስለሚበዛ ይደበቃል፣ ልሙጥ ነገር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ኔትወርኩ አንድን ፒክስል ሲያሰላ በዙሪያው ያሉ ጎረቤቶቹን ያያል። የታይሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጎረቤት የለም፣ ስለዚህ ባዶውን በዜሮ ይሞላዋል፣ ዜሮ ማለት ደግሞ ጥቁር ነው። እኛ ነጭ ግድግዳ ሰጥተነው እሱ ግን ከጎኑ ጥቁር ነገር ያለ ይመስለዋል። ስህተቱ በየሌየሩ አንድ አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ x4plus የሚባለው ሞዴል ደግሞ ተከታታይ ሌየሮቹ ወደ 350 ስለሆኑ በወረቀት ላይ ስህተቱ ታይሉን በሙሉ ያዳርሳል ማለት ነው፣ ደግነቱ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ቶሎ እየደከመ ነው የሚሄደው።

መፍትሄው ለታይሉ እውነተኛ ጎረቤት መስጠት ነው። በየጎኑ 32 ፒክስል ከአጠገቡ ካለው ታይል ጨምረን 320 በ320 እናስገባለን፣ ሲወጣ ያንን የተበላሸ ዳር ቆርጠን እንጥላለን፣ መሀሉን ብቻ እንለጥፋለን።

```
python inference_realesrgan.py -n RealESRGAN_x4plus -i foto.png -t 256 --tile_pad 32
```

ካልነካችሁት `tile_pad` 10 ነው፣ ለልሙጥ ግድግዳ ለኔ አነሰኝ። ዋጋ ግን አለው፣ በ32 ስራው 56 በመቶ ይጨምራል። ታይሉን ወደ 128 ብታሳንሱት ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ ካርዱ እስከቻለ ድረስ ታይሉን ትልቅ አድርጉ። አንዳንዱ ሰው ቀጥታ ወደ ማደባለቅ ይሮጣል፣ ማለት ተደራራቢውን ቦታ ቀስ በቀስ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገር። እኔ መጀመሪያ ላይ አልመክርም፣ ሁለቱ ታይሎች ካልተስማሙ ስህተቱን ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም።

በአይን ብቻ አትመኑ። ከፎቶው 600 በ600 የሚሆን ቁራጭ (ለካርዱ ካልበዛ) አንዴ ሳትቆርጡ አንዴ በታይል ስሩት፣ ሁለቱን ቀናንሱ፣ ልዩነቱን በ50 አባዙት።

[ስክሪን ላይ፦ ጥቁር ምስል፣ ላዩ ላይ ደብዛዛ ፍርግርግ]

ፍርግርግ ከታየ `tile_pad` ጨምሩና ድገሙት፣ እየደበዘዘ ይሄዳል። ጨምራችሁ ጨምራችሁ ካልጠፋ፣ በተለይ አንዱ ካሬ በሙሉ ከጎረቤቱ ነጣ ወይም ጠቆር ካለ፣ ችግሩ ጠርዙ አይደለም። የምትጠቀሙት ሞዴል ውስጥ የምስሉን አማካይ ብርሃን የሚያሰላ ሌየር አለ ማለት ነው፣ ኢንስታንስ ኖርማላይዜሽን የሚሉት አይነት፣ እሱ አማካዩን ከታይሉ ብቻ ስለሚወስድ ሰማይ ያለበት ታይልና መሬት ያለበት ታይል ለየብቻ ይስተካከላሉ። x4plus ይሄ ሌየር የለውም፣ ለዛ ነው ለታይል የሚመቸው።

አንድ የቀረ ነገር። ይሄን ሁሉ አስተካክዬ 384ኛው ታይል ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ያው ሜሞሪ አለቀ አለኝ፣ በጣም ነው የተናደድኩት! ለካ ታይሎቹ የሚለጠፉበት 24000 በ16000 ሸራ የሚቀመጠው ካርዱ ላይ ነው፣ ብቻውን 2.3 ጊጋ፣ ሲጨርስ ደግሞ ወደ 4 ባይት ቁጥር ሲቀየር ተጨማሪ 4.6 ጊጋ ይጠይቃል። `tile_process` ውስጥ ሸራውን የሚፈጥረውን መስመር እንዲህ ቀይሩት፦

```
self.output = self.img.new_zeros(output_shape, device='cpu')
```

አሁን ሸራው ራም ላይ ነው፣ ካርዱ የሚይዘው ኢንፑቱን፣ ሞዴሉንና አንዱን ታይል ብቻ። ራሙም ቢሆን በጊጋ በጊጋ ስለሚበላ ብራውዘራችሁን ዝጉ።