ደሙ የማን ነው? ስለ ምርመራ መጠየቂያ ቅጽና ስለ ናሙና መመለሻ ማስታወቂያ አጻጻፍ

የተከበራችሁ የዋርድ ኃላፊዎች፣ ነርሶች፣ ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ባልደረቦች፦

ዛሬ የማነሣው ሁለት ወረቀቶችን ነው። አንዱ ከደም ናሙና ጋር የሚሄደው የምርመራ መጠየቂያ ቅጽ ሲሆን፣ ሌላው ላቦራቶሪው ናሙናውን አልቀበልም ሲል ለዋርዱ የሚልከው ማስታወቂያ ነው። የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ቱቦ የሚመጣው በአብዛኛው ከእውቀት ማነስ አይደለም፤ ወረቀቶቹ የሚጠይቁት ነገር ታካሚው ጋ ሳይደረስ ሊሞላ ስለሚችል ነው።

ከቅጹ ልጀምር። ብዙ ቅጾች ላይ «የታካሚው ማንነት ተረጋግጧል» የሚል ሳጥን አለ። ጠዋት ላይ አንዲት ነርስ የአሥር ሰው ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ስትሞላ ይህም ሳጥን አብሮ ምልክት ይደረግበታል፤ ገና መርፌው እንኳ አልተከፈተም። ስለዚህ ሳጥኑን አውጥታችሁ ይህን መስመር አስገቡ፦ «ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ ተብሎ ሲጠየቅ ታካሚው የተናገረው፦ …………»። ባዶው ቦታ የሚሞላው በሰው አንደበት በወጣ ቃል ነው። ደም የሚቀዳው ባለሙያ የሰማውን ከጻፈ በኋላ ሐኪሙ ከላይ ከጻፈው ስም ጋር ያስተያያል።

የጥያቄው አቀራረብ ራሱ ቅጹ ላይ መታተም ያለበት በምክንያት ነው። «ወይዘሮ አልማዝ ታደሰ ነዎት?» ብለን ስንጠይቅ ትኩሳት ያደከማት፣ ጆሮዋ የከበደ ወይም ባለሙያ ማስቸገር የማትፈልግ ሴት «አዎ» ትላለች። ከበር ላይ ስም ስንጠራ ደግሞ ጥሪውን በደንብ ያልሰማ ሰው ሁሉ «አቤት» ይላል። «አቤት» ማንነት አያረጋግጥም። ራሱን ለማያውቅ ታካሚ ከሥር ሁለተኛ መስመር ይኑር፦ «መናገር ካልቻለ ስሙን የነገረን፦ አስታማሚ (ዝምድና ……) / የእጅ መለያ አምባር»። ማንነቱ ያልታወቀ የድንገተኛ ታካሚ ከሆነ የተሰጠው ጊዜያዊ የካርድ ቁጥር ይጻፋል እንጂ «ስሙ ያልታወቀ» ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ።

መለያዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ እንዲሁም ሙሉው የካርድ ቁጥር። የአልጋ ቁጥር ናሙናው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ሰው ለመለየት ግን አይሆንም፣ ታካሚው ከሰዓት በኋላ ሌላ አልጋ ላይ ሊገኝ ይችላልና። ዕድሜም በግምት በሚሞላበት አገር ብቻውን አይታመንም። የስም አጻጻፍን በተመለከተ አንድ ሕግ ይበቃል፦ ካርዱ ላይ ያለው እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ይገልበጥ። «ፀሐይ»ን በላቲን ፊደል አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ሲጀምራት ላቦራቶሪው አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት ሊያውቅ አይችልም።

ሰዓትም ያሳስታል። «2:30» ብቻ ከተጻፈ በኛ አቆጣጠር ጠዋት ነው፣ ማታ ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ? «ናሙናው የተቀዳበት ሰዓት፦ …… ጠዋት / ቀን / ማታ / ሌሊት (በኢትዮጵያ ሰዓት)» ብሎ ማተም ጥያቄውን ይዘጋል። ከዚያ ቀጥሎ የቀጂው ስምና ፊርማ ይምጣ፤ ከአዛዡ ሐኪም ፊርማ በተለየ ክፍል።

አንዳንዶች «ቱቦው ላይ ስም የተጻፈው አልጋው አጠገብ ነው» የሚል መስመርም ይጨመር ይላሉ። እኔ አልጨምረውም። ሁሉም «አዎ» ይለዋል፤ የቀድሞው ሳጥን በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል። ሥራው ራሱ ግን የግድ ነው፦ ቱቦው ላይ የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ከታካሚው ሳይለዩ ነው። ስም ቀድሞ የተጻፈባቸው ባዶ ቱቦዎች ትሪ ላይ ተደርድረው ሲዞሩ የአንዱ ቱቦ ለሌላው ይነሣል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ለሲቢሲ መጣ እንበል። ቅጹ «አልማዝ ታደሰ በቀለ፣ ካርድ 041872» ይላል፤ ቱቦው «አልማዝ ታደሰ በላይ፣ ካርድ 041827»። የተለመደው መልስ «ስም አይመሳሰልም፣ ይስተካከል» የሚል ነው። ይህች «ይስተካከል» የምትባል ቃል ብዙ ጥፋት ትጋብዛለች። ተላላኪው ቱቦውን ይዞ ይወርዳል፣ አንድ ሰው በላይን ሰርዞ በቀለ ይላል፣ ቱቦው ተመልሶ ይገባል። ደሙ የማን እንደሆነ ግን አሁንም አልታወቀም፤ የተስተካከለው ቀለሙ ብቻ ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ቢል ይሻላል፦

«ይህ ናሙና አልተመረመረም፤ ውጤት አይወጣለትም። ቅጹ ላይ፦ አልማዝ ታደሰ በቀለ፣ 041872። ቱቦው ላይ፦ አልማዝ ታደሰ በላይ፣ 041827። ደሙ የማን እንደሆነ ማወቅ ስላልተቻለ ቅጹም ቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍም አይታረም። ከታካሚዋ አዲስ ናሙና በአዲስ ቅጽ ይላክ። በዚሁ ዙር ደም የተቀዳላቸው ሌሎች ታካሚዎች፦ ……። ስልክ የተደወለለት ባለሙያ፦ …… ሰዓት፦ …… መልእክቱን መልሶ አንብቧል፦ ……»

ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን የተጻፉት ላቦራቶሪው ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ሳይገምት ነው። «ምናልባት በቀለ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ መጻፍ ዋርዱ ያንኑ እንዲገለብጥ መንገድ ማሳየት ነው።

ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው «በዚሁ ዙር» ለሚለው መስመር ነው። የተሳሳተ ቱቦ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። የበላይ ስም ያለበት ቱቦ ውስጥ የበቀለ ደም ካለ፣ የበቀለ ስም ያለበት ቱቦ ውስጥ የበላይ ደም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከቅጹ ጋር ተመሳስሎ፣ ምንም ጉድለት ሳይታይበት መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ስለዚህ ማስታወቂያው ሲጻፍ የሁለተኛዋም ሴት ናሙና ይያዝ፤ ውጤቱ ወጥቶ ከሆነ ወዲያው ይደወል። «በቸልተኝነት» ወይም «በተደጋጋሚ ጥፋት» የሚሉ ቃላትም ይውጡ። የሚወቀስ ሰው ሁለተኛውን ቱቦ አያነሣም፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሱን ነው።

ስሙ ሁሉ ተመሳስሎ ደሙ ብቻ የሌላ ሰው የሆነን ቱቦ ግን የትኛውም ማስታወቂያ አይዘውም። አደጋው የሚከፋው ደም ለመስጠት ሲታሰብ ነው። ለደም ዓይነትና ለክሮስማች ላቦራቶሪው ቀደም ሲል የመዘገበው የደም ዓይነት የሌለው ታካሚ ሁለተኛ ናሙና ያስፈልገዋል፤ ከመጀመሪያው ተለይቶ፣ በሌላ ጊዜ የተቀዳ፣ ቢቻል በሌላ ባለሙያ። በአንድ መርፌ ሁለት ቱቦ ሞልቶ አንዱን ኪስ ውስጥ አቆይቶ መላክ ስሕተቱን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። ለዚህ የሚሆነው መላ የሁለተኛውን ናሙና ቅጽ ላቦራቶሪው ራሱ፣ የመጀመሪያው ከደረሰው በኋላ ብቻ ቢሰጥ ነው። በዚያ ቅጽ ላይ የመጀመሪያው የደም ዓይነት ውጤት አይጻፍ። ሕይወቱ በአፋፍ ላይ ያለ ታካሚ ሁለተኛውን ናሙና መጠበቅ ካልቻለ በሐኪሙ ፊርማ የኦ ቡድን ደም ይሰጠዋል እንጂ የቱቦው ስም አይጠገንም።

አዲሱ ቅጽ ሥራ ላይ በሚውልበት ቀን የድሮው ጥራዝ ከየዋርዱ መሳቢያ፣ ከድንገተኛ ክፍልና ከማዋለጃው ጭምር ተሰብስቦ ለላቦራቶሪው ይመለስ። የማታ ተረኛ መጀመሪያ ያገኘውን ወረቀት ነው የሚሞላው።