ቀዩ ፀጉሬ የት ገባ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምቀዳው ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው፤ መሀል ላይ የወፍ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ስለ ፀጉሬ ላወራችሁ ነው።

ጥር ላይ እህቴ ስታገባ ፀጉሬን ቀይ ተቀባሁ። መጀመሪያ ብሊች ተደረገልኝ። ጥቁሩ ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ ከላዩ ደማቅ ቀይ ገባበት። የሠርጉ ቀን እሳት መስዬ ዋልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የዛገ ቆርቆሮ መሰልኩ። ነጩ ፎጣዬ ሮዝ ሆኗል፤ የትራስ ልብሴም እንደዚያው። አክስቴ ፎጣውን አንስታ አየችውና «አንቺ ልጅ፣ በርበሬ ስታስፈጪ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

እሷ ሂና ነው የምትቀባው። ከወራት በፊት የተቀባችው ቀይ አሁንም አለ፤ ነጩ የሚታየው አዲስ በወጣው ሥር ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው «ቀይ ቀለም ቶሎ ይለቃል» ይላል። ታዲያ የእሷስ ቀይ አይደለም?

ይሄ ነገር አላስተኛኝም። መልሱን ሳገኘው ዓሣ ትዝ አለኝ። ቆሮሶ ሲፋቅ አይታችኋል? ቅርፊቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ነው የተኛው። የፀጉር ላይኛው ሽፋንም እንደዚያ ነው። ቋሚ የሚባለው ቀለም ውስጥ ያለው አሞኒያ ይሄን ቅርፊት ያነሳሳዋል። ከዚያ ገና ቀለም ያልሆኑ ትንንሽ ሞለኪውሎች ይገባሉ፤ ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ፐርኦክሳይድ ውስጥ ለውስጥ ያያይዛቸውና ቀለም ይሆናሉ። ሲያያዙ ስለሚተልቁ በገቡበት መውጣት ይቸግራቸዋል።

ቡናማና ጥቁር የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው ነው የሚያያዙት። ቀይ የሚሰጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ቀዩ ትንሽ ነው፤ በቀላሉ ሾልኮ ይወጣል። ፀጉር ቤት «የቀይ ሞለኪውል ትልቅ ስለሆነ ውስጥ አይገባም» ሲሉ ትሰማላችሁ። በቋሚ ቀለም ነገሩ ተቃራኒ ነው።

የእኔ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በጣም የሚያበራ ቀይ ብዙ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ቀለም ነው፤ ፐርኦክሳይድ አይቀላቀልበትም። ውስጥ ገብቶ የሚያያዘው ነገር የለም፤ ቅርፊቱ አካባቢ ለቀቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ብሊቹ ደግሞ ቅርፊቱን አሳስቶታል፤ ውሃ የሚገፋውን የተፈጥሮ ቅባትም ወስዶታል። በሩ ክፍት፣ እንግዳው ያልታሰረ።

የሂና ሞለኪውልስ? እሱም ትንሽ ነው። ግን ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር ራሱን በኬሚካል ያስራል። ለዚህ ነው የአክስቴ ቀይ ከፀጉሩ ጋር ካልተቆረጠ የማይሄደው። ቀይነቱ አይደለም ጥፋቱ፤ አያያዙ ነው። ሂና ግን ጥቁር ፀጉርን አያነጣም፤ የእኔን ዓይነት ደማቅ ቀይ በጥቁር ላይ አይሰጥም፤ ፀሐይ ላይ የሚታይ ጥላ ብቻ ነው። ደግሞ ብረት ነክ ጨው የተቀላቀለበት የሂና ዱቄት አለ፤ እሱ ላይ ብሊች ከተደረገ ፀጉሩ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ከዚያ ሞከርኩት። ከጫፉ ሦስት ዘለላ ቆርጬ በክር አሰርኩና ሦስት ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩ። አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ሙቅ ሆኖ የልብስ ሳሙና የተፈታበት። ሩብ ሰዓት ቆየሁ። ቀዝቃዛው ለመቅላት ሲያመነታ፣ ሙቁ ሮዝ ሆነ፣ የሳሙናው እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ። የገረመኝ የመሃለኛው ነው፤ ሻምፖ ጠብታ የለበትም። ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቅርፊቱ ይላላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ሞለኪውሉን ያፈጥነዋል። የልብስ ሳሙና ግን አልካሊ ስለሆነ ቅርፊቱን ይበልጥ ይከፍተዋል።

እኔ እኮ በየሁለት ቀኑ በሙቅ ውሃ ነበር የምታጠበው! ያውም «ሰልፌት የሌለው» የሚል ውድ ሻምፖ ገዝቼ። ሻምፖው ትንሽ ይረዳል፤ ግን ትልቁ ነገር የመታጠቡ ብዛትና የውሃው ሙቀት ነው።

አሁን ድጋሚ ተቀብቼ በሳምንት አንዴ ነው የምታጠበው፣ ለብ ባለ ውሃ፤ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ማንኪያ ያንኑ ፐርኦክሳይድ የማይቀላቀልበትን ቀይ በሦስት ማንኪያ ኮንዲሽነር በጥብጬ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። የሚሄደውን አያስቀርም፤ የሄደውን ይተካል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ግን ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።

ፀሐይም አለች። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨረሩ ቀለሙን እዚያው ፀጉሩ ላይ ይሰብረዋል። ይሄኛው ፎጣ ላይ አይታይም፤ ፀጉሩ ከላይ በኩል ገርጥቶ ከታች የተሸፈነው ሲደምቅ ነው የምታውቁት። ሐይቁ ዳር ስወጣ ሻሽ አስራለሁ።

አሁን ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ትንሽ ወደ መዳብ ሄዷል፤ ቀይ ግን ነው። ፎጣውን ሳልደብቃችሁ፣ ጥቁር ገዝቻለሁ።