ጂን ድራይቭ ያላት ትንኝ ጣና ዳር ብትለቀቅስ?

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከፎገራ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ የወባ ትንኝን በገዛ ዘረመሏ ስለማጥፋት ነው። ዘዴውን ጂን ድራይቭ ይሉታል። ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ልናገር፤ ጂን ድራይቭ የተሸከመች ትንኝ እስካሁን በየትኛውም አገር ሜዳ ላይ አልተለቀቀችም። ያለችው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። «ለቀቁብን እንዴ?» ብሎ የሰጋ ካለ ይረጋጋ።

ነገሩ ለምን እኛን ይመለከታል? እ.ኤ.አ. በ2024 አገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መዝግባለች። ዋናዋ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ትባላለች። መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የከብት ኮቴ ውስጥ የቀረውን ውሃ አይታችኋል? ፀሐይ የሚያገኘው፣ ሁለት ጭልፋ እንኳ የማይሞላው ውሃ? እሷ የምትፈልፈለው እዚያ ነው። የጡብ ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ የሩዝ ማሳም ይመቻታል። ደግሞ ብልጥ ናት። ሰው ካጣች ላም ትነክሳለች፤ ገና ሳንተኛ ደጅ ላይ ታገኘናለች። አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ብዙ ሰው ያድናሉ፣ ግን ሁሏንም አይደርሱባትም። ሳይንቲስቶቹን ወደ ዘረመል የወሰዳቸው ይሄ ክፍተት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ማንኛውም ልጅ ከእያንዳንዱ ዘረመል አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወስዳል። ስለዚህ ወላጅ በአንደኛው ቅጂው ላይ ያለው ለውጥ ለልጆቹ ግማሽ ብቻ ይደርሳል። ጂን ድራይቭ ይህን ሕግ ያፈርሳል። በውስጡ እንደ መቀስ ሆኖ ዘረመል የሚቆርጥ ፕሮቲን ይዟል፤ ይህ መቀስ ከሌላኛው ወላጅ የመጣውን ጤነኛ ቅጂ ይቆርጣል። ሴሉ የተቆረጠውን ሲጠግን ከጎኑ ያለውን ይገለብጣል፤ የሚገለብጠው ደግሞ ራሱን ጂን ድራይቩን ነው። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ልጆች ይወርሱ የነበረው ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይወርሱታል።

ለንደን ያለው የኢምፔሪያል ኮሌጅ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመውን ሙከራ እንይ። የመረጡት ደብልሴክስ የሚባለውን፣ ትንኝ ሴት ወይም ወንድ ሆና እንድታድግ የሚወስነውን ዘረመል ነው። የቆረጡት ለሴቷ ብቻ የሚያስፈልገውን ክፍል ነው። አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላት ሴት ትወልዳለች። ሁለቱም ቅጂዎቿ የተበላሹባት ግን የሴትም የወንድም መልክ ይዛ ታድጋለች፤ እንቁላል አትጥልም፣ አትነክስምም። ወንዶቹን ምንም አይነካቸውም። እነሱ ተሸካሚዎች ናቸው።

ትንኞቹ በሚኖሩበት የሙከራ ሣጥን ውስጥ 300 ጤነኛ ሴቶች፣ 150 ጤነኛ ወንዶችና 150 ተሸካሚ ወንዶች ገቡ። እስቲ አብረን እናስላ። ከአባቶቹ ግማሾቹ ተሸካሚ ናቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ትውልድ ግማሹ ልጅ ይሸከማል። ተራ ዘረመል ቢሆን ሩቡ ብቻ ነበር፣ እዚያው ገደማም ይቆይ ነበር። በሁለተኛው ትውልድ ተሸካሚው ሦስት አራተኛ ይደርሳል፤ ከሴቶቹም ሩብ ያህሉ መካን ይሆናሉ። በሦስተኛው ከአሥሩ ዘጠኙ ይሸከማሉ፣ የሴቶቹ ግማሽ መካን ነው። ይህ የወረቀት ስሌት ነው። በተግባር አንድ ቅጂ የያዙት ሴቶችም እንቁላላቸው ስለሚያንስ ዘገየ። ቢሆንም ከ7 እስከ 11 ትውልድ ባለው ጊዜ ሁሉም ተሸካሚ ሆነ፣ እንቁላሉ እያነሰ ሄደ፣ በመጨረሻም ሣጥኑ ባዶ ቀረ።

ከዚያ በፊት ሌላ ዘረመል ተሞክሮ ከሽፎ ነበር። መቀሱ ከቆረጠ በኋላ ሴሉ አንዳንዴ ሳይገለብጥ ጫፎቹን አሳስቶ ይሰፋቸዋል። ስፌቱ ዘረመሉን ካላበላሸው መቀሱ ዳግም አያውቀውም። እንዲህ ያለችው ትንኝ ስለምትወልድ ዘሯ ይበዛል፣ ጂን ድራይቩም ይሸነፋል። ደብልሴክስ ላይ ይህ አልታየም። ለምን? ያ ቦታ ትንሽ እንኳ ሲነካ ሥራውን ያቆማል። ለዚህም ነው ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሳይለወጥ የኖረው።

እኔን የሚያሳስበኝም ይሄው ጥንካሬው ነው። ቦታው ያልተለወጠው በአንዲት ዝርያ ብቻ አይደለም። የለንደኑ ሙከራ የተሠራው በአኖፌለስ ጋምቢዬ ላይ ነበር። የእኛዋ አረቢየንሲስ የቅርብ ዘመዷ ናት። ከዚያው ቤተሰብ ጅማ አካባቢ የምትገኝ፣ አኖፌለስ አምሐሪከስ የተባለች ሌላም አለች። እሷ የምትወደው ከብት ነው፤ በወባ የምትወቀስ አይደለችም። እነዚህ ዝርያዎች አልፎ አልፎ ይዳቀላሉ። ወንዶቹ ዲቃላዎች መካን ናቸው፣ ሴቶቹ ግን ይወልዳሉ። በዚያች ቀጭን መንገድ መቀሱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊሻገር ይችላል። የማይከሽፍ እንዲሆን የተመረጠው ነገር፣ በአንድ ዝርያ ላይ ተወስኖ እንዳይቀርም ያደርገዋል።

አሣ አጥማጆች «አምባዛውና ቀረሶው ምን ሊበላ ነው?» ትሉ ይሆናል። በዚህ ላይ ብዙ አልሰጋም። የአረቢየንሲስ ዕጭ በአብዛኛው የሚያድገው አሣ በማይኖርበት፣ በሚደርቅ ኩሬ ነው። የሌሊት ወፍም ሆነ የውሃ ተርብ እሷን ብቻ ብሎ አይኖርም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ደም የጠገበች ትንኝ መርጣ የምትበላ አንዲት ዘላይ ሸረሪት አለች። እሷም ብትሆን ሌሎች ትንኞችን ትበላለች።

ይልቅ የሚያሰጋው ቦታዋን ማን ይወርሳል የሚለው ነው። በምዕራብ ኬንያ አጎበር ሲስፋፋ ጋምቢዬ መነመነችና በአብዛኛው የቀረችው አረቢየንሲስ ሆነች። እኛ ጋ አረቢየንሲስ ብትጠፋ ፋሮኤንሲስ የምትባል ሌላ የወባ ትንኝ አለች። ከእስያ የመጣችው ስቴፈንሲም አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታ፣ በ2022 ለድሬዳዋ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ስቴፈንሲ በከተማ የውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። ከአረቢየንሲስ ቤተሰብ ስላልሆነች ለዚያኛው የተሠራው መቀስ በድቅል አይደርስባትም።

ደግሞ መመለሻ የለውም። እምቦጭ ጣና ላይ ከገባ በኋላ ስንት ዘመቻ እንደወጣን እናንተ ታውቃላችሁ። እምቦጭን ቢያንስ በዓይን እናየዋለን፣ በእጅ እንነቅለዋለን። ማሊ ውስጥ በፊኛ በተሰቀለ መረብ አኖፌለስ ትንኞች ከመሬት ከመቶ ሜትር በላይ በንፋስ ሲጓዙ ተይዘዋል። እዚህ የተለቀቀች ሱዳን ብትገባ ማን ይጠየቃል?

ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባና በምትባል መንደር ጂን ድራይቭ የሌላቸው፣ መካን የሆኑ ወንድ ትንኞች ተለቀው ነበር። ለልምምድ ያህል። በነሐሴ 2025 ደግሞ መንግሥት ፕሮጀክቱን አስቆመው። ሳይንሱ ቢሠራም የሕዝብ አመኔታ ለብቻው እንደሚፈለግ አየን።

አቋሜን ልንገራችሁ። ምርምሩ ይቀጥል እላለሁ። የማንም ልጅ በወባ እንዲሞት አልፈልግም። ግን ጣና ዳር ከመታሰቡ በፊት ሁለት ነገር በእጃችን መኖር አለበት። አንደኛው በጋ ላይ፣ ኮቴው ሁሉ ሲደርቅ፣ አረቢየንሲስ የት እንደምትቆይ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ በሐይቁ ዳር ነው ወይስ በመስኖው? ሁለተኛው ከብት በረት ውስጥ የምትያዘው ትንኝ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች በዘረመል ምርመራ መለየት ነው። እነዚህ ዘመዳሞች በዓይን አይለዩም፣ በማይክሮስኮፕም ቢሆን። ሁለቱም ሥራ ጂን ድራይቭ ቢመጣም ባይመጣም ለርጭት ዕቅድ ይጠቅማል፤ በመጪው ጥር መጀመርም ይቻላል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከገበሬዎቹ እንጀምር።