ሃያ ሰዓት የምትል ሳጥን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ከሜሪላንድ ሆኜ ለአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሳመለክት ስለወደቅሁበት ነገር ነው።

ዜግነቴን ባገኘሁ በዓመቱ የፌዴራል መንግሥት ክፍት የሥራ ቦታዎች በሚወጡበት ድረ ገጽ፣ USAJOBS ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። የሂሳብ ቴክኒሺያን፣ ደረጃው ጂኤስ 6። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ በሂሳብ ሠርቻለሁ፣ እዚህም የአንድ ሱቅ መዝገብ ይዣለሁ፤ ይሄማ የእኔ ነው አልኩ። ለግል ድርጅቶች የምልካትን ባለ አንድ ገጽ ሬዙሜ እንዳለች አስገባኋት። ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ፦ ዝቅተኛውን መስፈርት አላሟሉም።

ተናደድኩ። በኋላ አንድ በመንግሥት ቤት ብዙ የቆየች እህት ሬዙሜዬን አየችና፣ «አንተ እኮ መቼ እንደሠራህ አልተናገርክም» አለችኝ። እንዴት አልተናገርኩም? «2022 እስከ 2023» ብዬ ጽፌያለሁ። «ከታኅሣሥ 2022 እስከ ጥር 2023 ቢሆንስ? ሁለት ወር ነው» አለች። ሬዙሜውን መጀመሪያ የሚያየው የሰው ኃይል ባለሙያ ነው፤ ያልተጻፈውን ገምቶ አይሞላልህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዚያ ደረጃ ከሥሩ ካለው፣ ከጂኤስ 5 ጋር የሚመጣጠን የአንድ ዓመት፣ ማለትም የ52 ሳምንት ልምድ ይጠየቃል። ዓመት ሲባል ደግሞ የሙሉ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቅጹ ለእያንዳንዱ ሥራ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ወርና ዓመት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተሠራም ይጠይቃል። ይቺን የሰዓት ሳጥን ንቄ ነበር። የሱቁን ሥራ የሠራሁት 14 ወር ነው፣ ግን በሳምንት 20 ሰዓት። ሲቆጠር 7 ወር ብቻ ሆነ። በእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀኑን አሳምሬ ብጽፍም መውደቄ አይቀርም ነበር።

ያዳነኝ የባንኩ ሥራ ነው። የውጭ አገር ልምድ ይቆጠራል። ግን እሱንም አበላሽቼዋለሁ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ «ከመስከረም 2005 እስከ ሰኔ 2008» ይላል፣ እኔም ዓመቱን እንዳለ ገልብጬዋለሁ! በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ማን ይነግረዋል? ሲለወጥ ከሴፕቴምበር 2012 እስከ ጁን 2016 ነው። ልብ በሉ፣ ለመስከረሙ 7 ዓመት ነው የሚደመረው፣ ለሰኔው 8። ሁለቱም ላይ 8 የደመረ ሰው ከልምዱ አንድ ሙሉ ዓመት ይቀንሳል። ሰዓቱንም «በሳምንት 40» ብዬ ሞላሁ።

ቀጥሎ የሥራው ዝርዝር። ማስታወቂያው ውስጥ «ስፔሻላይዝድ ኤክስፒሪየንስ» የሚል አንቀጽ አለ። የእኔው ሂሳብ ማስታረቅን፣ የክፍያ ሰነድ መርምሮ ስህተት መለየትን ይላል። የእኔ ሬዙሜ ግን «ታታሪና ታማኝ የሂሳብ ሠራተኛ» ይላል። ይሄ ለሠርግ ሽማግሌ እንጂ ለቅጥር አይሆንም። አንቀጹን እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም፤ የራስን ሥራ በራስ ቃል ማስቀመጥ ነው። እኔ እንዲህ አደረግሁት፦ «በየወሩ የሁለት ባንክ ሂሳቦችን ከመዝገብ ጋር አስታርቃለሁ፤ የአቅራቢዎችን ደረሰኝ ከግዢ ትእዛዙ ጋር አመሳክሬ፣ ልዩነት ሲገኝ ከክፍያ በፊት እመልሳለሁ።» ከማመልከቻው ጋር በሚሞላው መጠይቅ ላይ «በዚህ ሥራ ባለሙያ ነኝ» ብዬ የመረጥኩት ሁሉ ሬዙሜው ውስጥ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከሌለው የሰው ኃይል ባለሙያው ነጥቤን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እኛ አገር ሲቪ ላይ የምንደረድረው ሁሉ ይውጣ። ዲግሪያችሁ ከኢትዮጵያ ከሆነና በትምህርት ለመወዳደር ካሰባችሁ፣ እዚህ አገር በሚታወቅ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሙት።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ድሮ ለፌዴራል ሥራ አራት አምስት ገጽ መጻፍ የተለመደ ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ግን ከሁለት ገጽ አይለፍ ተባለ። የእኔ በዚያን ጊዜ አራት ገጽ ደርሶ ነበር፤ ቁጭ ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ። ወሩንና ሰዓቱን አልነካም፤ እነሱ ከጠፉ መስፈርቱ ይጠፋል። ኡበሩ ወጣ። ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራሁትንም ልሰርዘው እጄን ሰነዘርኩና ቆም አልኩ። በየፈረቃው መጨረሻ የሳጥኑን ገንዘብ ቆጥሬ ከማሽኑ ወረቀት ጋር አመሳክር አልነበር? መኪና ማቆሙን ሰረዝኩ፣ ቆጠራውን በአንድ መስመር አስቀረሁት።

በሁለተኛው ማመልከቻ «ሪፈርድ» የሚል መልስ መጣ፤ ስሜ ወደ ቀጣሪው ኃላፊ አልፏል ማለት ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ከሁሉ በፊት ምን ጠየቁኝ መሰላችሁ? የፓርኪንጉን ቆጠራ፤ ገንዘቡ ሲጎድል ምን ታደርግ ነበር አሉኝ።