ቀጠሮ ይዛወርልኝ ስትሉ ሰዓቱን ይዛችሁ ኑ

እንደምን አመሻችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ግማሾቻችሁ ሥራ ላይ ሆናችሁ የተሻለ ሥራ የምትፈልጉ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ቃለ መጠይቅ የምታዘጋጁ ናችሁ። ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ ሲቪ፣ ስለ ማመልከቻ፣ ስለ ደመወዝ ድርድር ብዙ ተባብለናል። ዛሬ የያዝኩት አንድ ትንሽ ደብዳቤ ነው። ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው በዚያው ሰዓት ከሥራው መላቀቅ ሲያቅተው የሚጽፈው፣ «ቀጠሮዬ ይዛወርልኝ» የሚለው መልስ። አሥር መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ነው፤ ጎበዝ ሰው ግን አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚሰናከልበት ነው።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ። ሰኞ ጠዋት ኢሜይል ይደርሳታል፤ «ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በአካል ቅረቢ» ይላል። ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ደግሞ አሁን በምትሠራበት ቦታ የውጭ ኦዲተሮች ይቀመጣሉ። የባንክ ማስታረቂያውን የሠራችው እሷ ናት፤ ኦዲተሮቹ ሲጠይቁ ሌላ ሰው ሊመልስላት አይችልም። ትደነግጣለች። ማክሰኞን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ትውላለች፤ ማታ ላይ እንዲህ ብላ ትልካለች፦

«ስላስቸገርኳችሁ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሥራ መደራረብ ምክንያት ሐሙስ መገኘት ስለማልችል ለእናንተ በሚመች ሌላ ቀን ብታደርጉልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

ሲነበብ ጨዋ ደብዳቤ ነው። አሁን ደብዳቤው ሲደርስ በተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን እንይ። ቀጠሮ የሚያስተካክለው ባለሙያ ረቡዕ ጠዋት ያነበዋል። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፤ የፋይናንስ ኃላፊው፣ አንድ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያና አንድ ከሰው ኃይል ክፍል። ሦስቱም ነፃ የሚሆኑበትን ሰዓት ይፈልጋል፤ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያገኛል። ሦስቱን ያስፈቅዳል፤ የመጨረሻው ሰው እሺ እስኪል ግማሽ ቀን ይሄዳል። ለእጩዋ ይጽፋል። እሷም «ይቅርታ፣ ዓርብ ጠዋትም ኦዲተሮቹ አሉ» ብላ ትመልሳለች። ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በዚህ መሐል ሌሎቹ እጩዎች ሐሙስ ተጠይቀው ጨርሰዋል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቹ ተሰብስበው ነጥብ ይደምራሉ። ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም አልጠላትም። ፋይሏ ብቻ ሳይታይ ተዘጋ።

ያበላሸው «ለእናንተ በሚመች ቀን» የሚለው ሐረግ ነው። ይህን ለማለት ነው ዛሬ የመጣሁት፤ ስለዚህ ብደጋግመው አትታዘቡኝ። ቀጠሮ እንዲዛወር የሚጠይቅ ደብዳቤ ዋና ሥራው ይቅርታ መጠየቅ አይደለም፤ ምክንያት ማስረዳትም አይደለም። ዋና ሥራው ሰዓት ማቅረብ ነው። የምትችሉትን ሰዓት የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እሱን ሳትጽፉ «እንደሚመቻችሁ» ስትሉ፣ ተቀባዩ ጨለማ ውስጥ እንዲዳስስ ትተዉታላችሁ።

ሰዓቱ እንዴት ይቅረብ? ሦስት አማራጭ ይበቃል፤ ግን ሦስቱም በአንድ ቀን አይሁኑ። ከጠያቂዎቹ አንዱ በዚያ ቀን ከሌለ ሦስቱ አማራጭ አብረው ይወድቃሉ። ቢያንስ በሁለት ቀን፣ ቢቻል በሦስት ቀን ይበተኑ፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይሁን። ደግሞ «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ብላችሁ አንዲት ነጥብ አትስጡ፤ «ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ» በሉ። የሦስት ሰው አጀንዳ የሚገጥመው በነጥብ ላይ ሳይሆን በክፍት ጊዜ ላይ ነው። ክፍቱ ጊዜ ከቃለ መጠይቁ ርዝመት መብለጥ አለበት፤ 1 ሰዓት ለሚፈጅ ቃለ መጠይቅ 2 ሰዓት ስጡ። ወደ ሥራችሁ የምትመለሱበትን መንገድም ከዚያው ላይ አስቡ። ቀኖቹ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ አይራቁ። ከቀጠሮው በፊት ያለ አማራጭ ካላችሁማ እሱን አስቀድሙት፤ የጠያቂዎቹን ውሳኔ የማያዘገይ እሱ ነው። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ «4 ሰዓት» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ጻፉ፤ ጠያቂው በሌላ አቆጣጠር ወይም በሌላ የሰዓት ክልል የሚሠራ ከሆነ በእሱ አቆጣጠርም አብራችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሁለት ነገር ብቻ ያሳይ፤ ግዴታው አስቀድሞ የተያዘ መሆኑንና በሌላ ሰው የማይተካ መሆኑን። የደንበኛ ስም፣ የፕሮጀክት ስም፣ የአለቃችሁ ጠባይ አይገባበትም። የዛሬ አሠሪውን ምስጢር በኢሜይል የሚያፈስ ሰው ነገ የኛንም ያፈሳል ብሎ የሚያስብ አንባቢ አለ፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ታምሜያለሁ ብላችሁ አትዋሹ። ሐሰቱ አዲሱ ቀን እስኪደርስ ይከተላችኋል፤ «ተሻለህ?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ሌላ ውሸት ያስጨምራችኋል።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን እውነት የማይቀር ነገር መሆኑን ፈትኑት። ያ ሥራ በሌላ ሰው ሊሠራ ይችላል? በአንድ ሰዓት ሊገፋ ይችላል? ለግማሽ ቀን ፈቃድ ብትጠይቁ ታገኛላችሁ? ሳምንታዊ ስብሰባ ሊቀር ይችላል፤ የተያዘ የፈረቃ ተራ ከባልደረባ ጋር ሊለወጥ ይችላል። ኦዲት፣ የሲስተም ቅያሪ፣ ከደንበኛ ጋር የተያዘ ርክክብ አይለወጥም። ቀጠሮ የማዛወር ዕድል በአብዛኛው አንድ ጊዜ ናት፤ በሚገፋ ስብሰባ ላይ ካጠፋችኋት በእውነተኛው ጭንቅ ቀን ባዶ እጃችሁን ናችሁ።

ያችኑ የሒሳብ ባለሙያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላይ መልሰን እናስቀምጣት። ኦዲተሮቹ እንደማይቀሩ አረጋግጣለች። ከመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ሳይሆን ከራሷ ስልክ፣ በግል ኢሜይሏ፣ ርዕሱን ሳትቀይር በተላከላት ግብዣ ላይ እንዲህ ትመልሳለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለሒሳብ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ለቦታው ያለኝ ፍላጎት እንደተጠበቀ ነው። በተባለው ሰዓት ግን አሁን በምሠራበት ቦታ አስቀድሞ የተያዘና ሌላ ሰው ሊተካኝ የማይችል የኦዲት ግዴታ አለብኝ። ስለዚህ ቀጠሮው እንዲዛወርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ረቡዕ ከጠዋቱ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት፣ ወይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መቅረብ እችላለሁ። በቪዲዮ ማድረግ ከተቻለ ዓርብ ጠዋት ኦዲቱ ከመጀመሩ በፊት ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓትም ነፃ ነኝ። ነገ ከሰዓት በኋላ በስልክ እጠይቃለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ከታች ሙሉ ስሟና ስልኳ አለ። ባለሙያው ይህን አንብቦ አራቱን ክፍት ጊዜ ከሦስቱ ጠያቂዎች አጀንዳ ጋር ያስተያያል፤ የሚገጥመውን ያነሣል፤ በአንድ ኢሜይል ይጨርሳል። ፍላጎቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ መግለጿን ልብ በሉ። እሱ ከሌለ ደብዳቤው «ልተወው ነው» ለማለት መንደርደሪያ ይመስላል።

መላክ ላይ የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ። በካላንደር የተላከ ግብዣ ከሆነ «Decline» የሚለውን ቀድማችሁ አትጫኑ። ለጋባዡ የሚደርሰው አልቀበልም ያላችሁ መሆኑ ነው፤ ማብራሪያው ኋላ ቢመጣም የመጀመሪያውን ማሳወቂያ ያየ ሰው ስማችሁን ሰርዞ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰዓት ለማቅረብ የተሠራው «Propose a new time» የሚያቀርበው አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ደብዳቤውን አይተካም። ራሳችሁ ሰዓት የምትመርጡበት ሊንክ ከተላከላችሁ ግን የድሮውን ከመልቀቃችሁ በፊት የሚስማማችሁ ክፍት ሰዓት መኖሩን እዩ፤ የለቀቃችሁትን ሌላ እጩ ወዲያው ሊይዘው ይችላል። ቀጠሮው ከ24 ሰዓት በታች ከቀረው ደግሞ መጀመሪያ ደውሉ፣ ከዚያ በስልክ የተነጋገራችሁትን በኢሜይል ጻፉ።

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደናንተ ላዙር፣ ጠያቂዎች። «ለሥራው ፍላጎት ቢኖረው ኖሮ ይመጣ ነበር» የምትሉ አላችሁ። እንዲህ እያላችሁ በነጥብ መስጫው ላይ የምትቀንሱም አላችሁ። ምን ማለታችሁ ነው? በማስታወቂያችሁ ላይ «ኃላፊነት የሚሰማው» ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ! ኦዲተር ተቀምጦ፣ ሥራውን ጥሎ፣ ለአለቃው ዋሽቶ ቢመጣላችሁ ደስ ትሰኛላችሁ? እሱን በቀጠራችሁ ቀን ነገ እናንተንም የሚከዳ ሰው ነው የቀጠራችሁት። ሰኞ ጠርታችሁ ለሐሙስ አንድ የሰዓት ምርጫ ብቻ የሰጣችሁት እናንተ፤ ስታሰናዱ ሦስት ሳምንት የፈጀባችሁ እናንተ፤ ሁለት ቀን ይገፋልኝ ያለው ሰው ሲመጣ ትዕግሥታችሁ ያልቃል! በግብዣው ላይ ከመጀመሪያው ሁለት የሰዓት አማራጭ አስቀምጡ። «መቀየር ከፈለጉ እስከዚህ ቀን ያሳውቁን» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። መቀየር የማይቻል ከሆነም፣ ፈተናው ለሁሉም በአንድ ቀን የሚሰጥ ከሆነም፣ ግብዣው ላይ ይጻፍ፤ ሰው አውቆ ይወስን።

እናንተ እጩዎች፣ አንድ ነገር ይቀራችኋል። ማረጋገጫ እስኪመጣ የድሮው ቀጠሮ እንደጸና ነው፤ ዝምታን እሺታ አድርጋችሁ ቤት ብትቀሩ የምትመዘገቡት ሳያሳውቅ የቀረ ተብላችሁ ነው። እደውላለሁ ባላችሁት ሰዓት ደውሉ። መቀየር አይቻልም ከተባላችሁ፣ በዚያው ቀን በመጨረሻው ተራ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ተራ መለዋወጥ ለእነሱ ከቀን ለውጥ ይቀላል። ማረጋገጫው ሲደርስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በአንድ መስመር ደግማችሁ ጽፋችሁ መልሱ፣ የድሮው ግብዣ ከካላንደራችሁ ላይ መጥፋቱንም እዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከቀሩ የተሻረው ሊያስታውሳችሁ፣ አዲሱ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

አመሰግናለሁ። ያመጣችሁት ደብዳቤ ካለ አውጡት፤ ከፊት ረድፍ ጀምረን አብረን እናየዋለን።